ጀሪካኑ ወይስ ጠርሙሱ? የዘይትን ዋጋ በሊትር ማስላት

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ያለው ሱቅ የሱፍ ዘይት ባለ 1 ሊትሩን 340፣ ባለ 5 ሊትሩን 1,620፣ ትልቁን ጀሪካን 6,300 ብር ይሸጣል። ባለሱቁ ‹20 ሊትር ነው፣ በጣም ያዋጣሻል› ይለኛል። ጀሪካኑ ላይ ግን የተጻፈው 18 ኪ.ግ ነው። አራት ሰው ነን፤ በወር 4 ሊትር ገደማ እንጨርሳለን። እስካሁን የምገዛው ባለ 1 ሊትሩን ነው። እውነት ያዋጣል? እንዴትስ ነው የሚሰላው?»

ምላሽ፦

በእነዚህ ዋጋዎች ጀሪካኑ ከባለ 1 ሊትሩ ይረክሳል፤ ግን ባለሱቁ የሚሉትን ያህል አይደለም። ከባለ 5 ሊትሩ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ትርፉ ከእጅ የሚገባ አይሆንም። በወር 4 ሊትር ለሚጨርስ ቤት እኔ የምመክረው ባለ 5 ሊትሩን ነው። ስሌቱን ከነምክንያቱ ላስረዳዎት፤ ዋጋው ነገ ቢለወጥም አሠራሩ አይለወጥም።

መጀመሪያ ባለሱቁ ያሰሉበትን መንገድ እንከተል። ዋጋውን በሊትሩ ብዛት ማካፈል ነው። ትንሹ 340 ብር ለ1 ሊትር፣ ስለዚህ 340። ባለ 5 ሊትሩ 1,620 ለ5 ሲካፈል 324። ጀሪካኑ 6,300 ለ20 ሲካፈል 315። በዚህ ሂሳብ ጀሪካኑ በሊትር 25 ብር ይቀንሳል፤ በ20 ሊትር 500 ብር ማለት ነው። «በጣም ያዋጣሻል» ያሰኛቸው ይህ ነው። የማካፈሉ ሂሳብ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው 20 በሚለው ቁጥር ላይ ነው።

ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው በኪሎ ነው። ኪሎና ሊትር እኩል የሚሆኑት ለውሃ ብቻ ነው። ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። አንድ ሊትር የሱፍ ዘይት በክፍል ሙቀት 920 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ በኪሎ የተጻፈውን ወደ ሊትር ለመመለስ ኪሎውን በ0.92 ማካፈል ነው፤ ለአኩሪ አተር ዘይትም ይኸው ቁጥር ይሠራል፣ ለፓልም 0.91 ይውሰዱ። የእርስዎ ጀሪካን 18 ለ0.92 ሲካፈል 19.57 ሊትር ይሆናል። 20 አይደለም። የጎደለው ከግማሽ ሊትር ትንሽ ያነሰ ነው፤ ትንሽ ቢመስልም ከዚህ በታች እንደሚያዩት ፍርዱን የሚቀይረው እሱ ነው።

6,300ን ለ19.57 ሲያካፍሉ 322 ብር ይመጣል። ከባለ 1 ሊትሩ ጋር ያለው ልዩነት ከ25 ወደ 18 ብር ወረደ። በሙሉ ጀሪካኑ ሲታይ፣ ይህንኑ 19.57 ሊትር በትንሹ ጠርሙስ ቢገዙት 6,654 ብር ይወጣዎት ነበር፤ ስለዚህ ትርፉ 500 ሳይሆን 354 ብር ነው። በባለ 5 ሊትሩ ዋጋ ቢገዙት ደግሞ 6,341 ብር ይሆናል። የጀሪካኑ ትርፍ በአጠቃላይ 41 ብር። ከሱቅ እስከ ቤት ባጃጅ ከያዙ ተበላ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ገበያ ላይ «18» የሚል ቁጥር ያለባቸው ጀሪካኖች ሁሉ አንድ አይደሉም። 18 ኪሎ የያዘ አለ፣ 18 ሊትር የያዘ አለ፣ 20 ሊትር የያዘ አለ፣ 20 ኪሎም አለ። መልካቸው ቢጫ፣ እጀታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ከሩቅ አይለዩም። የእርስዎ ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ምልክት «ኪ.ግ» ወይም KG ሳይሆን «ሊ» ወይም L ሆኖ ቢገኝ፣ 6,300 ለ18 ተካፍሎ 350 ብር ይመጣል። ያኔ ጀሪካኑ ከትንሹ ጠርሙስ ይወደዳል! ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችውን ፊደል ነው በደንብ የሚያዩት። ጀሪካኑ ጎን ላይ ፕላስቲኩ ራሱ ላይ በጉብታ የታተመ ቁጥር ካለ ደግሞ እሱን ይተዉት። እሱ የዕቃውን የመያዝ አቅም ነው የሚናገረው፣ ውስጡ የተሞላውን ዘይት አይደለም። 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ውስጥ 18 ሊትር መሙላት ይቻላል። መታየት ያለበት ወረቀቱ ላይ «የተጣራ ክብደት» ወይም «የተጣራ መጠን» ከሚለው አጠገብ ያለው ነው።

ለትንሹ ጠርሙስም ይኸው ጥርጣሬ ይገባዋል። ሰው ሁሉ «የሊትር» ብሎ የሚጠራው ጠርሙስ ላይ ጠጋ ብለው ሲያዩት 900 ሚሊ ሊትር የሚል የሚያገኙበት ጊዜ አለ። ቁመቱ ያው ነው፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ገባ ብሏል ወይም ታቹ ወደ ላይ ሰርጎድ ብሏል። 900 ከሆነ 340 ለ0.9 ሲካፈል የሊትሩ ዋጋ 378 ብር ይሆናል፤ ያኔ ጀሪካኑ በጣም ያዋጣል። ማለትም ንጽጽሩ የሚያጋድለው በሁለቱም በኩል ባለ ቁጥር ነው። አንዱን አጣርቶ ሌላውን በግምት መተው ምንም አለማጣራት ነው።

ወረቀቱን ካላመኑት ሚዛን ያረጋግጥልዎታል። ባዶ ባለ 20 ሊትር የፕላስቲክ ጀሪካን 1 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ 18 ኪሎ ዘይት የያዘው ከነዕቃው ወደ 19 ኪሎ፣ 20 ሊትር የያዘው ወደ 19.4፣ 18 ሊትር የያዘው ደግሞ ወደ 17.5 ኪሎ ይመዝናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለመለየት ጥሩ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል፤ ባዶው ጀሪካን ራሱ ከቦታ ቦታ 100 እና 200 ግራም ስለሚለያይ በዚህ ልዩነት ሰው መክሰስ አይቻልም። ሦስተኛውን ግን እህል ቤት ያለ ተራ ሚዛንም ያጋልጠዋል። የ1 ሊትር ጠርሙስ ዘይቱ ብቻ 920 ግራም፣ የ900 ሚሊ ሊትሩ 830 ግራም ገደማ ነው፤ ጠርሙሱ ራሱ ጥቂት አሥር ግራም ብቻ ስለሆነ እሱም በኩሽና ሚዛን ይለያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እስካሁን ያሰላነው የተገዛውን ሊትር ነው። ገንዘብዎ የሚያዋጣው ግን ወጥ ውስጥ የገባው ሊትር ነው። ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት አጭር ስሌት አለች፤ እኔ ከሁሉም የምወዳት እሷን ነው። የጀሪካኑን ሙሉ ዋጋ በትንሹ ጠርሙስ የሊትር ዋጋ ያካፍሉት። 6,300 ለ340፣ 18.53 ይመጣል። ይህ ቁጥር ብር አይደለም፣ ሊትር ነው፦ ከጀሪካኑ ቢያንስ 18.53 ሊትር በትክክል ካልተጠቀሙበት ትንሹን ጠርሙስ መግዛት ይሻልዎት ነበር ማለት ነው። ጀሪካኑ 19.57 ስለያዘ፣ ለሚፈሰው፣ ለሚቀረው፣ ለሚበላሸውና ያለ ልክ ለሚጨመረው ሁሉ ያለዎት መፈናፈኛ 1 ሊትር ብቻ ነው። ከባለ 5 ሊትሩ ጋር ሲያደርጉት 6,300 ለ324፣ 19.44 ሊትር። መፈናፈኛው 130 ሚሊ ሊትር፤ ሁለት የቡና ሲኒ የማይሞላ። ይህ እንግዲህ ጀሪካን ሲከፈት ክዳኑ አካባቢ ከሚንጠባጠበውና ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከሚቀረው ብዙም አይበልጥም። ለዚህ ነው ከባለ 5 ሊትሩ ጋር ትርፉ ከእጅ አይገባም ያልኩት።

ያ 1 ሊትር የት የት ሊሄድ እንደሚችል እንይ።

አንደኛው ዕቃው ውስጥ የሚቀረው ነው። የጀሪካን እጀታ ውስጡ ክፍት ነው፤ ትከሻውም ማዕዘን አለው። ዘንበል አድርገው ሲገለብጡት ዘይቱ እዚያ ይደበቃል፣ ግድግዳውም ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ዝም ብሎ ከተጣለ 100 ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ አብሮ ይሄዳል። አፉን ወደ ታች አድርጎ ንጹሕ ዕቃ ላይ አንድ ሌሊት ማንጠፍጠፍ አብዛኛውን ይመልሳል። በፍትሕ እንነጋገር ከተባለ ግን ትንሹ ጠርሙስም ያስቀራል፤ እያንዳንዱ 10 ሚሊ ሊትር ቢያስቀር 20 ጠርሙስ 200 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ በዚህ ረገድ አንዱ ከሌላው አይሻልም፤ በሁለቱም በኩል ማንጠፍጠፍ ነው።

ሁለተኛው እጅ ነው፤ ትልቁ ቀዳዳም ይኸው ነው። ዘይት በብዛት ቤት ሲኖር ሰው ሳያስበው ያበዛል። ከጀሪካን በቀጥታ ወደ ድስት ሲገለበጥ ደግሞ አየር ለመግባት እየታገለ ዘይቱ ጓ ጓ እያለ ይወርዳል፣ አንድ ጭልፋ ታስቦ ሁለት ይገባል። በአሥር እጅ አንድ ጨምሮ መጠቀም ምንም አይታወቅም፤ ወጡ ትንሽ ቅባት ከመያዙ በቀር። ሂሳቡ ላይ ግን ይታወቃል። 19.57 ሊትሩ በዚህ ፍጥነት ሲሄድ የቀድሞውን 17.8 ሊትር ሥራ ብቻ ይሠራል። 6,300 ለ17.8 ሲካፈል 354 ብር። ከ340ው በለጠ። ጀሪካኑ በሊትር ርካሽ ሆኖ በወር ግን ውድ ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከጀሪካን በቀጥታ ወደ ድስት በፍጹም አይቅዱ። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለኩሽና ይመድቡ፣ ሲያልቅ ብቻ ይሙሉት፣ የተሞላበትን ቀን ክዳኑ ላይ ይጻፉ። የ1 ሊትር ጠርሙስ በፊት 7 ቀን ተኩል ይበቃዎት ከነበረና አሁን በ6 ቀን ካለቀ ትርፉ የት እንደገባ ያውቃሉ።

ሦስተኛው መበላሸት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ምክንያቱም በወር 4 ሊትር ለሚጨርስ ቤት ጀሪካኑ ወደ 5 ወር የሚቆይ ነው። ዘይት የሚበላሸው እንደ ወተት አይደለም፣ ሻጋታም አያወጣም። የሚያበላሸው ኦክስጅን ነው። የሱፍ ዘይት አብዛኛው ክፍል ከኦክስጅን ጋር በቀላሉ የሚዋሐድ የቅባት ዓይነት ስለሆነ ከፓልም ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። እሽግ ሆኖ ሳለ ከላይ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ብዙም አይሆንም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የማብቂያ ቀንም የሚሠራው ለእሽጉ ነው። ከተከፈተ በኋላ ግን በየቀኑ አዲስ አየር ይገባል፣ ዘይቱ በጎደለ ቁጥርም የአየሩ ቦታ ይሰፋል። ግማሹ ያለቀ ጀሪካን ውስጥ 10 ሊትር አየር አለ። በዚያ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሁሉ ወደ ዘይቱ ቢገባ፣ የቀረውን 10 ሊትር ለተጣራ ዘይት ከተቀመጠው ዓለም አቀፍ የጥራት ወሰን ለማሳለፍ ይበቃል። በአንድ ሳምንት አይሆንም፤ ቀስ እያለ ነው። ግን አምስት ወር በየቀኑ የሚከፈት ጀሪካን፣ ያውም ምድጃ አጠገብ የተቀመጠ፣ የመጨረሻው ሩብ ጠረኑ ቢለወጥ አይግረምዎት። ያ ሩብ ወደ 5 ሊትር ነው፤ መፈናፈኛዎ ግን 1 ሊትር ነበር።

የተበላሸ መሆኑን አፍንጫ ይነግርዎታል። ጥቂት ጠብታ መዳፍዎ ላይ አድርገው እስኪሞቅ አሽተው ያሽትቱት። የደረቀ ቀለም ወይም ያረጀ ለውዝ የሚመስል ሽታ ካለው አልፎበታል። ሲቀመስ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ድስት ላይ ሲገባም ከወትሮው ቀድሞ መጨስና አረፋ ማብዛት ይጀምራል። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ሽታውን ስለሚሸፍኑት ወጥ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ፈተናው በጥሬው ነው።

እንግዲህ ጀሪካን የሚገዛ ሰው ሥራው የሚጀምረው ቤት ከገባ ዕለት ነው። ጀሪካኑን በዚያው ቀን ወደ አራት ባለ 5 ሊትር ጠርሙሶች ይገልብጡት። ሦስቱን እስከ አንገታቸው ይሙሉ፣ አየር እንዳይኖር። ጥብቅ አድርገው ዘግተው ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ፤ አንዱን ብቻ እየቀዱ ይጠቀሙ። እንዲህ ከሆነ የመጨረሻው ጠርሙስ የሚከፈተው በአራተኛው ወር ቢሆንም አየር ያገኘው ያን ጊዜ ነው። የ2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ የላይኛውን ግማሽ ቆርጠው ገልብጠው ቢሰኩበት ሲገለበጥ አይፈስም። ጠርሙሶቹ ቀድሞም የዘይት የነበሩ ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ግን የድሮው ቅሪት ከግድግዳው ላይ እንዳለ አዲስ ዘይት አይጨመርበትም፤ የቆየው የአዲሱን መበላሸት ያፈጥነዋል። በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፣ ከዚያ አፋቸውን ደፍተው ሁለት ሦስት ቀን ይድረቁ። ጠብታ ውሃ ከቀረ ዘይቱ ይደፈርሳል፣ ሲሞቅም ይፈነጥቃል። የጠበሱበትን ዘይት መልሶ ወደ ንጹሑ መጨመር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አንድ ጭልፋ የተቃጠለ ዘይት ለጠቅላላው ጠርሙስ ይበቃል።

ይህን ሁሉ ሥራ የሚያደርግ ቤት ካለ ጀሪካኑ ከባለ 1 ሊትሩ 300 ብር ገደማ ያተርፈዋል። የማያደርግ ከሆነ አያተርፍም። እውነቱ ይኸው ነው።

አሁን ስለ ዘይቱ ዓይነት። እርስዎ ሦስቱም የሱፍ እንደሆኑ ጽፈዋል፤ ሦስቱም አንድ ስም ያላቸው መሆናቸውን ግን በራስዎ ዓይን ይዩት። በጀሪካን ከሚሸጠው ዘይት ብዙው የሚረጋው ፓልም ነው፤ ፓልም ደግሞ ከሱፍ ይረክሳል። የሱፉን ጠርሙስ ከፓልሙ ጀሪካን ጋር አነጻጽሮ «ትልቁ ረከሰ» ማለት በግን ከፍየል ጋር በኪሎ ማወዳደር ነው። የረከሰው በትልቅነቱ አይደለም፣ በዓይነቱ ነው። ወረቀቱ ላይ «የአትክልት ዘይት» ብቻ የሚል ከሆነና የምንነቱ ስም ከሌለ፣ ጥቃቅኑን የይዘት ዝርዝር ያንብቡ።

ከገዙ በኋላ ለማረጋገጥ ደግሞ ትንሽ ዘይት በብርጭቆ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሌሊት ያሳድሩ። ንጹሕ የተጣራ የሱፍ ዘይት እንደፈሰሰ ያድራል፤ ቢበዛ ስስ ጉም ቢይዝ ነው። ፓልም ያለበት ነጭ ሆኖ ይወፍራል፣ ብዙ ካለበትም እንደ ቅቤ ይቆማል። ፍሪጅ ከሌለ የክረምት ሌሊት የአዲስ አበባ ብርድ ራሱ ይህን ሥራ ይሠራል። ፈተናው ሁሉን አያሳይም፤ አኩሪ አተር ቢቀላቀልበት አይለየውም፤ ሁለቱም አይረጉም። መርጋቱም ብልሽት አይደለም፣ የፓልም ጠባይ ነው። የፓልም ጀሪካን የገዛ ሰው ግን ማወቅ ያለበት፣ ቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጥ ፈሳሹ ከላይ፣ የሚረጋው ከታች እንደሚለያይ ነው። ከላይ ከላይ እየተቀዳ ሲቆይ የታችኛው ደረቅ ሆኖ አልወጣም ይላል፣ ሰውም ይጥለዋል። ከመቅዳት በፊት ክዳኑ እንደተዘጋ ፀሐይ ላይ ወይም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይቶ፣ ሲቀልጥ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ማዋሐድ ነው። እሳት አጠገብ ግን አይሆንም።

ክዳኑም ይታይ። እሽግ ጀሪካን ሲከፈት የሚበጠስ የክዳን ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ከሌለ ወይም ክዳኑ ያለ ምንም ትግል ከዞረ እንደገና የተሞላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጀሪካን ውስጥ ስንት ሊትር እንዳለ ወረቀቱ አይነግርዎትም፣ ምን ዘይት እንደሆነም አይነግርዎትም፤ የሊትር ስሌቱ እዚያው ላይ ያበቃል። የማብቂያ ቀኑን ሲያነቡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። በእኛ አቆጣጠር አንብቦ «ገና ሰባት ዓመት አለው» ያለ ሰው ያለፈበትን ዘይት ተሸክሞ ይሄዳል።

ሁለት ነገሮች ሂሳቡን ወደ ጀሪካኑ ሊያጋድሉ ይችላሉ። አንዱ ባዶው ዕቃ ነው። ጀሪካን ዋጋ አለው፤ ቆራሌው ይገዛዋል፣ ለውሃ የሚፈልግ ጎረቤትም አይጠፋም። የሚሸጥበትን ዋጋ ከ6,300 ላይ ቀንሰው ያካፍሉ። ለምሳሌ 100 ብር ቢያወጣ 6,200 ለ19.57 ተካፍሎ 317 ይመጣል፤ ከባለ 5 ሊትሩም በ7 ብር ያነሰ። ግን በእርግጥ የሚሸጡት ወይም አለበለዚያ ገንዘብ አውጥተው ይገዙት የነበረ ከሆነ ብቻ ነው የሚቀነሰው። በረንዳ ላይ አራተኛ ባዶ ጀሪካን ሆኖ የሚቀመጥ ከሆነ ዋጋው ዜሮ ነው። የባለ 5 ሊትሩ ባዶ ጠርሙስም ትንሽ ያወጣል።

ሌላው መካፈል ነው። እዚህ የኪሎው ጽሑፍ ይጠቅማል፦ 18 ኪሎ ለሦስት ቤት 6፣ 6 ኪሎ ነው። እያንዳንዱ ቤት 2,100 ብር ያዋጣል፣ 6.5 ሊትር ገደማ ይደርሰዋል። በባለ 1 ሊትሩ ዋጋ ይኸው 2,217 ብር ነበር፤ ለአንድ ቤት 117 ብር ትርፍ፣ ዘይቱም በወር ተኩል ስለሚያልቅ የመበላሸቱ ሥጋት የለም። ሲካፈሉ በሚዛን ይሁን፣ ባዶው ጠርሙስ አስቀድሞ ተመዝኖ። በዓይን ሲካፈሉ አንዱ ጠርሙስ ሰፊ፣ ሌላው ቀጭን ስለሚሆን ጉርብትና ይበላሻል። በሃይላንድ መስፈር የሚቀናቸው ካሉ ደግሞ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ለሁሉም ይጠቀሙ፤ እስከ አፉ የተሞላ የ1 ሊትር የውሃ ጠርሙስ ከ1 ሊትር ትንሽ በላይ ስለሚይዝ ሁሉም እስከ አንድ መስመር ይቀዳ።

ለአንድ ቤት ብቻ ጀሪካን የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ቅቤው ቀርቶ ሁሉም ወጥ በዘይት ይሆናል፤ ጾሙ ደግሞ 55 ቀን ነው። በጾሙ የወሩ 4 ሊትር ወደ 9 ከፍ የሚል ከሆነ ጀሪካኑ በሦስት ወር ውስጥ ያልቃል። ሰርግ ወይም ድግስ ላለበት፣ ወይም ጠዋት ጠዋት ፓስቲ ለሚጠብስ ደግሞ ጥያቄም የለውም። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ 19.57ን በወር ፍጆታዎ ያካፍሉ፤ ውጤቱ ከ3 ከበለጠ የሱፍ ጀሪካን ለብቻዎ አይግዙ። የእርስዎ 4.9 ነው።

ወደ ቤትዎ ሂሳብ ስንመለስ፣ በዓመት 48 ሊትር ይጨርሳሉ። ከባለ 1 ሊትሩ ወደ ባለ 5 ሊትሩ ቢሻገሩ በሊትር 16 ብር፣ በዓመት 768 ብር ይቀርልዎታል፤ ምንም ተጨማሪ ሥራ የለውም፣ ጠርሙሱም በአምስት ሳምንት ያልቃል። ከባለ 5 ሊትሩ ወደ ጀሪካኑ ቢሻገሩ የሚጨመረው በዓመት 100 ብር ገደማ ነው፤ ለዚያውም ምንም ካልፈሰሰና ካልተበላሸ። በአንድ ጊዜ 6,300 ብር ማውጣትም ከ1,620 ጋር አንድ አይደለም። «ዋጋው ሊጨምር ነው» ተብሎ የሚገዛ ከሆነ ያ ሌላ ሂሳብ ነው፤ ከመጠኑ ጋር አይደባለቅ። ባለ 5 ሊትሩንም ሁለት አድርጎ መግዛት ይቻላልና፣ እሽግ ሆኖ ደግሞ ከተከፈተ ጀሪካን የበለጠ ይቆያል።

ሱቁ ሲሄዱ ባለ 5 ሊትሩ ላይ ያለውን ጽሑፍም ይዩት። 5 ሊትር ሳይሆን 4.5 ሊትር የሚል ከሆነ 1,620 ለ4.5፣ 360 ብር ይመጣል፤ ያኔ የነገርኩዎት ሁሉ ይገለበጣል፣ ባለ 1 ሊትሩንም እንደ ልማድዎ መግዛት ይሻላል።